ሱራው ማን ይባላል?

ሐዋ ማረፏን የነገሩኝ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ደሴ፣ ሆጤ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምስር እየለቀምኩ ነበር። የደወለችው ማርታ ናት፤ ኮምቦልቻ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሦስታችንም አብረን ሠርተናል። «ዘይነብ፣ ሐዋ አርፋለች» አለችኝ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩ። እኛ የአላህ ነን፣ ወደሱም ተመላሾች ነን ማለት ነው። ቃሉ ከአፌ ከመውጣቱ የሐዋ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ የቁርአን ቦታውን መለሰልኝ፦ «በቀራ፣ መቶ ሃምሳ ስድስት። አያህ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት አልሞላም። ሐዘን ቤቴን አውቆት ከርሟል፤ በሩን ለማንኳኳት እንኳ ፈቃድ አይጠይቅም። አሁን የምጽፈው ግን ስለራሴ አይደለም፤ ስለሷ ነው። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ብቻ ይወጣልኛል፤ ሌላ ቀን የጻፍኩትን አነበውና እሰርዘዋለሁ። ምክንያቱም ሐዋ ያላለችውን አለች ብዬ ብጽፍ መቃብሯ ውስጥ ሆናም መነጽሯን ወደ ግንባሯ ከፍ አድርጋ የምታየኝ ይመስለኛል።

አጭር ሴት ነበረች። መነጽሯ ወፍራም ነው፤ ስታዳምጥ ዓይኗ ላይ ታደርገዋለች፣ ስትጠራጠር ግንባሯ ላይ ትሰቅለዋለች። ሥራዋ ጨርቅ መፈተሽ ነበር። የተሸመነው ጨርቅ መብራት በበራበት መስታወት ላይ እየተሳበ ሲያልፍ ቆማ ታያለች፤ የተበጠሰ ክር፣ የላላ ቦታ፣ የዘይት ጠብታ ስታገኝ በጠመኔ ታመለክታለች። ጠመኔዋን ሻሿ ውስጥ ነበር የምትሰካው። እኔ የዚያው ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ፤ እንከኑን የምመዘግበው እኔ ነኝ። «የተበጠሰ ክር» ብዬ ስጽፍ አታልፈኝም ነበር። «ከየትኛው ማሽን መጣ? እሱን ካልጻፍሽ ምን ጻፍሽ?» ትለኛለች።

ይሄው ጠባይዋ ነው ከፋብሪካው አልፎ ሕይወቷን ሁሉ የያዘው።

አባቷ ደጋን አጠገብ የሚያስቀሩ ሸህ ነበሩ። ወንድ ሴት ሳይለዩ ልጆቻቸውን ሁሉ ቁርአን አስቀርተዋል። ሐዋ ከፋቲሓ እስከ ናስ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በቃሏ ይዛ ነው ኮምቦልቻ የገባችው። ይህን ግን ማንም እንዲያውቅላት አትፈልግም ነበር። የምትታወቀው በአንዲት ጥያቄ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ «አላህ በቁርአኑ እንዲህ ብሏል» ብሎ አንድ ነገር ሲናገር፣ ሐዋ ጉርሻዋን ጨርሳ፣ ውኃዋን ጠጥታ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትጠይቃለች፦

«መርሐባ። ሱራው ማን ይባላል?»

ሱራ የቁርአን ምዕራፍ ነው፣ አያህ ደግሞ አንቀጹ። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም። «ኧረ አቦ፣ ሁሉም የሚያውቀው አያህ ነው» ይላል። «እኔ አላውቀውም፤ አሳውቀኝ» ትላለች። ወንዶቹ እየሳቁ «እሜቴ ሱራው» የሚል ስም አወጡላት። ገና በሩቅ ሲያዩዋት «ዝም በሉ፣ እሜቴ ሱራው መጣች፤ መታወቂያ ታስወጣናለች!» ይሉ ነበር። እሷም ትስቅ ነበር። መጠየቁን ግን አልተወችም።

እኔም አንድ ቀን ተያዝኩ። «አላህ፣ ባሪያዬ እኔን እንደገመተኝ ነኝ ብሏል» አልኩ። ደስ የሚለኝ ቃል ነው፤ በአላህ ላይ መልካም ግምት የያዘ መልካም ያገኛል ማለት ነው። ሐዋ መነጽሯን ሰቀለች።

«ሱራው?»

«ሐዋ፣ እንዴ! ‹አላህ ብሏል› ነው እኮ የሚለው።»

«ብሏል። ግን ቁርአን አይደለም። ሐዲስ ቁድሲ ይባላል። አላህ ያለውን ነቢያችን ረሱል ናቸው በራሳቸው አነጋገር የነገሩን። ሰላት ላይ ቆመሽ ከፋቲሓ ቀጥሎ ልትቀሪው ትችያለሽ?»

አሰብኩ። «አልችልም።»

«በቃ። የመጀመሪያዋ መለያ እሷ ናት። ሰላት ውስጥ የሚቀራው ቁርአን ብቻ ነው።»

የቀሩትን መለያዎች በብዙ ቀን፣ በትንሽ በትንሹ ነው የነገረችኝ። አያህ አድራሻ አለው፤ ሱራው ይታወቃል፣ ቁጥሩ ይታወቃል፣ ደሴም ብትከፍቺው መካም ብትከፍቺው እዚያው ነው። ሐዲስ፣ ማለትም የረሱል ቃል፣ ግን ሰዎች አሉት፤ እገሌ ከእገሌ ሰምቶ፣ እሱም ከእገሌ ሰምቶ እያለ እስከ ረሱል ድረስ የሚደርስ ሰንሰለት። ሊቃውንት ያን ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት ይፈትሹታል፤ ጠንካራ አለ፣ ደካማ አለ፣ ጭራሽ የተፈበረከ አለ። ዐሊሞች ሲያስተምሩ ለአያህ «ቃለላሁ ተዓላ»፣ የላቀው አላህ አለ፣ ይላሉ፣ አዑዙ ቢላሂ ብለው በዜማ ይቀሩታል። ለሐዲስ «ቃለ ረሱሉላህ»፣ የአላህ መልእክተኛ አሉ፣ ብለው ይጀምራሉ፣ መጨረሻ ላይ ማን እንደዘገበው ይናገራሉ። «ችግሩ አማርኛው ላይ ነው» ትል ነበር። «አማርኛ ላይ ሲደርሱ ያ ሁሉ ይወልቅና ሁለቱም ‹እንዲህ ተብሏል› ይሆናሉ። እንግዲህ የት እንደተሸመነ በምን ታውቂዋለሽ?»

አንዳንዱ ሰው ሐዲስን የምትንቅ ይመስለው ነበር። ፈጽሞ። ሐዲስ ሲነበብ ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ሰው ስታይ ትቆጣ ነበር። «አያህን አያህ በይው፣ ሐዲስን ሐዲስ በይው። የሁለቱም ክብር በስማቸው መጠራት ነው።»

አሁን የምነግራችሁ እሷ ራሷ የተሳሳተችበትን ቀን ነው። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ጥጡ በየማሽኑ ላይ ሲበን ሐዋ ራሷም ታጸዳ፣ ሴቶቹንም ታስጸዳ ነበር። ስታስጸዳ ሁልጊዜ «አላህ ንጽሕና የእምነት ግማሽ ነው ብሏል፤ ነይ መጥረጊያውን አንሺ» ትላለች። ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ነው የምትለው። አንድ በዓል ደጋን ሄዳ ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። አባቷ ፊት ያንኑ ተናግራ፣ ሸሁ ቀና ብለው «ልጄ፣ ሱራው ማን ይባላል?» ብለዋታል። ቁርአኑን በሙሉ በቃሏ የያዘችው ሴት በሕሊናዋ ብትሄድ፣ ብትሄድ የለም። ሐዲስ ነው፤ ሙስሊም የተባለው ሐዲስ ሰብሳቢ የዘገበው፣ ጠንካራ ሐዲስ። ከልጅነቷ ከሰው ሰምታ ሳትፈትሽ ይዛው ኖራለች። ጥያቄዋን እንግዲህ የወረሰችው ከማን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

በማግስቱ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ፈትል ክፍል ገባች። ከዚያ ሽመና። ከዚያ ማቅለሚያ። በየሴቷ ፊት እየቆመች «እንዲህ ብዬሽ ነበር፤ አያህ አይደለም፣ ሐዲስ ነው። አውፍ በይኝ» ትላለች። ማሽኑ ይጮሃል፣ አይሰማም፤ እስኪሰማ ትደግመዋለች። ሴቶቹ ሳቁባት። «ሐዋ፣ መጥረጊያው ያው መጥረጊያ ነው፤ ምን ተለወጠ?» አሏት። በመጨረሻ ማርታ ጋ ደረሰች። ማርታ ጴንጤ ናት።

«ማርታዬ፣ ለአንቺም ነግሬሻለሁ።»

«ምኑን?»

«ንጽሕናን። አላህ ብሏል ብዬሽ ነበር። ያሉት ረሱል ናቸው።»

ማርታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንቺ ሴት! እኔ ሁለቱንም አልከተልም፤ ለእኔ ደግሞ ምን ያደርግልኛል?»

«ለአንቺ አይደለም፣ ለእኔ ነው» አለች ሐዋ፤ ፊቷ ላይ የሳቅ ምልክት አልነበረም። «ጌታዬ ያላለውን አለ ብዬ አንቺ ጋ አስቀምጬ መሄድ አልችልም። ስጪኝ፣ ልመልሰው።»

ማርታ ሳቋን አቆመች። «እሺ፣ መልሰሻል» አለቻት። ዛሬም ድረስ ስለ ሐዋ ስታወራ የምታነሳው ያን ቀን ነው።

ጡረታ ከወጣን በኋላ እኔ ወደ ደሴ ወጣሁ፤ ባሌ ቤት የሠራው ሆጤ ነው። ሐዋ ኮምቦልቻ ቀረች። ስኳር ይዟት እግሯ ታመመ። ባሌ ሲሞት ግን የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዛ፣ ያን ጠመዝማዛ መንገድ እያመማት ወጥታ፣ አጠገቤ ተቀመጠች።

የባሌ ታላቅ ወንድም ሐጂ ሰዒድ ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ቤተሰቡን በሙሉ ያስተዳደሩ፣ ወንድማቸውን እንደ አባት ያሳደጉ ናቸው። ግን የሰሙትን ሁሉ በአንድ ድምፅ ነው የሚናገሩት፤ ያ ድምፅም ትእዛዝ ነው። ኢዳ ላይ ሳለሁ፣ ማለትም ባል የሞተባት ሴት የምትቆይበት ጊዜ ላይ፣ «ቁርአን ላይ አለ፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ከዚህ ደጃፍ ፈቀቅ እንዳትይ» አሉኝ። ሲወጡ ሐዋን አየኋት።

«ግማሹ አያህ ነው» አለች። «አራት ወር ከአሥር ቀኑ በቀራ ላይ ነው፣ ሁለት መቶ ሠላሳ አራት። ቤት መቀመጡ ሐዲስ ነው፤ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ወደ ወገኖቼ ልሂድ ብላ ረሱልን ጠይቃ፣ ጊዜው እስኪያልቅ ቤትሽ ቆዪ ብለዋታል።»

«እንግዲያው ትንሽ ብወጣስ?»

«ማን አለሽ? ሐዲስ ነው አልኩሽ እንጂ ቀላል ነው አልኩሽ? ትቀመጫለሽ! አብሽሪ፣ እኔም እየመጣሁ አብሬሽ እቀመጣለሁ።»

ተቀመጥኩ። ቀኑን እየቆጠርኩ ጨረስኩ። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር የያዘኝ፤ ሲያልቅ ባሌ መቃብር እሄዳለሁ። ሲቀበር አላየሁም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው የት እንደተኛ አላውቅም ነበር። ሰው ሲነግረኝ «ከግራሩ በስተቀኝ» ይለኛል፤ ግራሩንም አላውቀው።

ኢዳዬ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ነጠላዬን አድርጌ ስወጣ ሐጂ ሰዒድ በሩ ላይ አገኙኝ።

«ወዴት ነው?»

«ጋሼ፣ ወንድምዎ ጋ።»

«ተመለሺ። አላህ በቁርአኑ መቃብር የሚሄዱ ሴቶችን ረግሟል። ጁምዓ ኹጥባ ላይ ኡስታዙ ሲቀራው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የወንድሜ ሚስት የተረገመች አትሆንም! ደግሞ ሰው ምን ይላል? ‹ኢዳዋ ከማለቁ መውጣት ጀመረች› እያለ ነው። ለመቃብር ጠባቂው ነግሬዋለሁ፣ አያስገባሽም።»

ተመለስኩ። ነጠላዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ልብ በሉልኝ፤ ሰው ቢከለክለኝ እከራከር ነበር። አላህ ነው የከለከለሽ ሲሉኝ ግን ምን እላለሁ? ደግሞ ከልክሎ ብቻ ሳይሆን ረግሞ። ባሌን በመናፈቄ ጌታዬ የረገመኝ መሰለኝ። ለሐዋ ደውዬ ነገርኳት።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ወዲያው «ውሸት ነው» ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለችም።

«ሱራውን ነገሩሽ?»

«አልነገሩኝም።»

«እኔ እንዲህ ያለ አያህ አላስታውስም። ግን አንድ ጊዜ ማስታወሴ አታሎኛል። ከመጀመሪያው እሄድበታለሁ። ጊዜ ስጪኝ፤ ጌታዬ ያለውን አላለም ማለትም ያው ውሸት ነው።»

ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። ጠዋት ጠዋት ከፋቲሓ ጀምራ ቁርአኑን እያየች ቀራችው፤ በቃሏ ሳይሆን በዓይኗ፣ ያን የፋብሪካ ጨርቅ እንደምታየው። ከዚያ ደግሞ አንድ መድረሳ ሄዳ፣ የቁርአን ቃላት ሁሉ በሥርወ ቃላቸው ተሰድረው ከነቦታቸው የሚገኙበትን መጽሐፍ አስገልጣ፣ «መቃብር» የሚለውን ፈለገች፣ «መርገም» የሚለውንም ፈለገች። በአሥረኛው ቀን ደወለችልኝ።

«ሐጂን ጥሪያቸው። ኡስታዙንም ይዘው ይምጡ። እመጣለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ነበር። ሐጂ ሰዒድ የባሌ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኡስታዙ ወጣት ነው፤ ጢሙ ገና አልሞላም፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሐዋ የታመመ እግሯን በርጩማ ላይ አድርጋ «አውፍ በሉኝ፣ ማጠፍ አልችልም» አለች። ከሻሿ ውስጥ ጠመኔ የምታወጣ መሰለኝ፤ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አወጣች።

«ሐጂ፣ ይቺ ሴት የተከለከለችበት አያህ ሱራው ማን ይባላል?»

ሐጂ ሰዒድ ተዘጋጅተው ነው የመጡት። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አልሃኩሙ ተካሱር፤ ሐታ ዙርቱሙል መቃቢር» ብለው በዜማ ቀሩ። «ይኸው! መቃብርን መጎብኘት! እንቺ፣ ሱራሽ!»

«ማሻአላህ፣ ድምፅዎ ያምራል» አለች ሐዋ። «ሱረቱ ተካሱር፣ መቶ ሁለተኛው። አያህ ነው፣ ጥርጥር የለውም። ግን የሚለው ‹በብዛት መፎካከር አዘናጋችሁ፣ መቃብሮችን እስክትጎበኙ ድረስ› ነው። በሀብትና በዘር ብዛት ስትፎካከሩ ሞት ደረሰባችሁ ነው። ሴት የሚል ቃል አለበት?»

«የለበትም።»

«ረገመ የሚልስ?»

ሐጂ ወደ ኡስታዙ ዞሩ። ኡስታዙ ምንጣፉን ነበር የሚያየው።

«መቃብር የሚለው ቃል ከነሥርወ ቃሉ ቁርአን ላይ ስምንት ቦታ ነው ያለው» አለች፤ ወረቀቷን ዘረጋች። «‹አጅዳስ› የሚባል ሌላ ስምም አለው፣ እሱ ሦስት ቦታ ነው። ሁሉንም አየሁት። አብዛኛው ስለ ትንሣኤ ነው፤ መቃብሮች ሲገለበጡ፣ ሰዎች ከመቃብር ሲወጡ። መቃብር ላይ አትቁም የሚል አንድ አለ፣ ሱረቱ ተውባ ላይ፤ እሱ ለረሱል ስለ ሙናፊቆች፣ እምነት አስመስለው ስለሚክዱት፣ የተነገረ ነው። ወንድምዎ ሙናፊቅ ነበር?»

«አዑዙ ቢላህ!»

«እኔም እንደሱ ነው የምለው። ከዚያ የተረገሙትን ፈለግኩ። ኢብሊስ አለ፣ የካዱ አሉ፣ እውቀትን የሚደብቁ አሉ። ባሏ መቃብር የሄደች ሴት ግን አጣሁ።» ወረቀቷን አጠፈች። «እርግማን ላይ ሴት ያለችበት አያህ ካሻዎ ሱረቱ ኑር ላይ ሃያ ሦስተኛው አለ። ጥብቅ፣ ከነገሩ የሌለችበት፣ አማኝ ሴት ላይ ክፉ የሚያወሩ በዱንያም በአኺራም ተረገሙ ይላል። ‹ኢዳዋ ከማለቁ› እያሉ ለሚያወሩት ሰዎች ይንገሩልኝ።»

ሐጂ ሰዒድ ፊታቸው ቀላ። «ታዲያ እኔ በጆሮዬ የሰማሁት ምንድነው? ኡስታዝ፣ አንተ አይደለህም ያልከው?»

ኡስታዙ ቀና አለ። ይህን ልጅ ዛሬም አከብረዋለሁ፤ ሊሸሽ ይችል ነበር። «ያልኩት ሐዲስ ነው» አለ። «‹ለዐነላሁ ዘዋራቲል ቁቡር›፣ መቃብርን አዘውትረው የሚጎበኙ ሴቶችን አላህ ይርገም። በአረብኛ ብዬው፣ በአማርኛ ‹አላህ ረግሟል› ብዬ ተረጎምኩ። ረሱል ብለዋል ሳልል አለፍኩት። ወዲያው ተካሱርን ቀራሁ። ሐጂ አንድ ላይ የሰሙት በእኔ ጥፋት ነው።»

እንግዲህ ይሄ ነው ነገሩ። ሐዲሱ አላህን በሚጠራ ቃል ይጀምራል፤ አያህ ደግሞ ከኋላው በዜማ ተከተለው። ከመስጊዱ ውጭ በድምፅ ማጉያ የሚያዳምጡ ሽማግሌ ሁለቱን አንድ ልብስ አድርገው ሰፏቸው።

«እንግዲያው ሐዲስ ነው!» አሉ ሐጂ፣ እፎይ ብለው። «ያው አይደል? ያው እርግማን ነው።»

«ያው አይደለም» አለች ሐዋ። «አያህ ነው ሲሉ በሩን ዘጉት። ሐዲስ ነው ሲሉ ሊቃውንቱን ጠሩ። አሁን ይግቡና እንስማቸው። ኡስታዝ፣ ልጄ፣ ማን ዘገበው?»

«ቲርሚዚ፣ ከአቡ ሁረይራ። ‹ረሱል ረገሙ› በሚል አነጋገር ነው። ጥሩ ሐዲስ ነው ብለውታል።»

«ዘጋቢው ራሳቸው ከሐዲሱ ግርጌ ምን ብለው ጻፉ?»

ልጁ ፈገግ አለ። እንደምታውቅ ገባው። «ከፊሉ ሊቃውንት፣ ይህ ረሱል የመቃብር ጉብኝትን ከመፍቀዳቸው በፊት ነው፤ ሲፈቅዱ ወንድም ሴትም ገብተዋል ብለዋል። ከፊሉ ደግሞ ሴቶች ትዕግሥታቸው አንሶ ስለሚያለቅሱ ይጠላባቸዋል ብለዋል።»

«መፍቀዳቸውስ የት አለ?»

«ሙስሊም ዘግቦታል። ‹ከልክያችሁ ነበር፣ አሁን ጎብኙ።›»

«መቃብር ላይ ስታለቅስ ያገኟት ሴትስ?»

«ቡኻሪ ላይ። ‹አላህን ፍሪ፣ ታገሺ› አሏት።»

«ሂጂ ተመለሺ አሏት?»

«አላሉም።»

«የረሱል ባለቤት እናታችን ዓኢሻ መቃብር ላይ ምን ልበል ብለው ሲጠይቋቸውስ?»

«ለሙታን የሚባለውን ሰላምታ አስተማሯቸው።»

ሐዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገች። «ሐጂ፣ ረሱል ለማይሄድ ሰው ሰላምታ ያስተምራሉ?»

ሐጂ ሰዒድ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «እኔ የሚከለክሉትን ሊቃውንት ነው የምይዘው!»

«ይያዙ! ወላሂ አልጣላዎትም፣ ትልልቅ ዐሊሞች አብረዎት አሉ። በሐዲስ ይከልክሏት፣ እሷም በሐዲስ ትሄዳለች። ግን ‹አላህ በቁርአኑ› ብለው ዳግመኛ እንዳያስፈራሯት። እሱ የእርስዎ ቃል አይደለም፣ የእኔም አይደለም።» ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞረች። «አንተም። ስህተቱ የወጣው በማይክ ነው፣ እርምቱም በማይክ ይውጣ።»

«እማማ፣ ሕዝቡ ፊት?»

«እኔ ማሽን እየጮኸ ሦስት ክፍል ዞሬአለሁ። አንተ ማጉያ አለህ።»

የሚቀጥለው ጁምዓ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ኡስታዙ ኹጥባው፣ የጁምዓው ስብከት፣ መሐል «ባለፈው የጠቀስኩት ሐዲስ ነበር፣ ከአያህ ጋር የተቀላቀለባችሁ ካላችሁ አውፍ በሉኝ» አለ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ለሐዋ ስነግራት «ትበቃለች። ከሚንበሩ መድረክ ላይ ወርዳለች» አለች።

ሐጂ ሰዒድ እስከ ዛሬ አልፈቀዱልኝም። እኔም ፈቃዳቸውን አልጠየቅኩም። በማግስቱ ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በሆጤ መንገድ መሐል ሄድኩ። ጠባቂው ተነስቶ አየኝ፣ ጁምዓ የተባለውን ሰምቶ ኖሮ ተመልሶ ተቀመጠ። ከግራሩ በስተቀኝ ባሌን አገኘሁት። አልጮኽኩም፣ ደረቴን አልመታሁም። አዘውትሬም አልሄድም፤ ሐዋ ቃል አስገብታኛለች። በምናፍቀው ጊዜ ግን እሄዳለሁ።

አሁን ደግሞ እሷ ሞተች።

ማክሰኞ ኮምቦልቻ ስደርስ ተቀብራለች። ለቅሶ ቤት ሴቶቹ መሐል ከማርታ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀመጥን። በሳምንቱ ብቻዬን መቃብሩ ጋ ሄድኩ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በትራቸውን ዘርግተው መንገዴን ዘጉ።

«ልጄ፣ ሴት እዚህ አትገባም። አላህ በቁርአኑ ከልክሏል።»

እኔ መነጽር የለኝም። ግን እጄ ሳላዘው ወደ ግንባሬ ሄደ።

«መርሐባ፣ አባባ» አልኩ። «ሱራው ማን ይባላል?»

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ በትራቸው ቀስ እያለ ወረደ።

«ይቺን ጥያቄ እዚሁ በር ላይ ጠይቃኝ የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች» አሉ። «እግሯን የሚያማት፣ አጭር። በስተርጅና እሷ ቤት ያረፉትን አባቷን ልትዘይር ትመጣ ነበር። መልስ ፈልገው ይቆዩኝ ብላኝ ሄደች። እስካሁን አላገኘሁላትም።»

«እሷ ጋ ነው የመጣሁት።»

በትራቸውን አንስተው አፈሩ ገና እርጥብ ወደሆነው ቦታ አመለከቱኝ፤ ገባሁ።

እግሯ በኩል ቆምኩ። «የዚህ ሰፈር ምእመናን ሆይ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኛም አላህ ሲሻ ተከትለናችሁ እንመጣለን» አልኩ። ለራሴ ሳይሆን ለሷ፣ ከበሩ ላይ እንዲሰማ አድርጌ፣ ጨመርኩበት፦

«ሐዲስ ነው፣ ሐዋ። ሙስሊም ዘግቦታል።»